ፖድካስትና የድምፅ መጽሐፍ በስፖቲፋይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስፖቲፋይን ለዘፈን ብለው የከፈቱ ሰዎች አንድ ቀን እዚያው ውስጥ ወሬም መጽሐፍም እንዳለ ያገኙታል። ዘፈን፣ ፖድካስትና የድምፅ መጽሐፍ በአንድ አፕሊኬሽን ይቀመጡ እንጂ የሚመሩበት ሕግ የተለያየ ነው። ግራ መጋባቱም የሚነሣው ከዚህ ነው። ከታች ያሉት ከዘመድና ከጓደኛ ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። አፕሊኬሽኑን በአማርኛ መጠቀም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ስልኩን በእንግሊዝኛ ስለሚያቆየው የአዝራሮቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበበው ጽፌዋለሁ።

## ፖድካስቱ ከድምፅ መጽሐፉ በምን ይለያል? ሁለቱም ሰው ሲናገር አይደሉም?

ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለሒሳቡ ግን አይደሉም። ፖድካስት በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ ለሚጠቀም ሰው የሰዓት ገደብ የለውም። ቀኑን ሙሉ ቢከፍቱት የሚጎድል ነገር የለም። የድምፅ መጽሐፍ ግን ለፕሪሚየም ደንበኛ በየወሩ በተወሰነ ሰዓት ይሰፈራል። ይህ አሠራር በ2023 በእንግሊዝና በአውስትራሊያ፣ ቀጥሎም በዚያው ዓመት ኅዳር በአሜሪካ ሲጀመር ስፍሩ በወር 15 ሰዓት ነበር። በኋላ በፈረንሳይና በጀርመን ሲገባ 12 ሰዓት ሆነ። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለችው እኅትና ፍራንክፈርት ያለው ወንድም ስለ ሰዓታቸው ሲነጋገሩ ቁጥራቸው ባይገጥም አይገረሙ፤ የሚወስነው መለያው የተመዘገበበት አገር ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አድማጭ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። እኛ «ትረካ» የምንለው፣ አንድ ሰው ልብ ወለድ ወይም ታሪክ እያነበበ በየክፍሉ የሚያወጣው ሥራ፣ በፖድካስት መልክ የተጫነ ከሆነ ከወርሃዊው ሰዓት አይቀነስም። ወሳኙ መጽሐፍ መነበቡ ሳይሆን ሥራው የተመደበበት ቦታ ነው። Podcasts ውስጥ ካገኙት ያለ ሐሳብ ያድምጡ፤ Audiobooks ውስጥ ከሆነ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው።

## አንድን ዝግጅት መከታተል ማለት ምን ማለት ነው? ክፍሎቹ ስልኬ ላይ ይወርዳሉ?

የዝግጅቱን ገጽ ከፍተው Follow የሚለውን ሲነኩ ዝግጅቱ Your Library ውስጥ ይገባል። ከላይ Podcasts የሚለውን ማጣሪያ ሲመርጡ የሚከታተሏቸውን ብቻ ያያሉ፤ አዲስ ክፍል ሲወጣም እዚያው ይታያል። መከታተል ክፍያ የለውም። ክፍሉንም ስልክዎ ላይ አያስቀምጥም። ያለ ኢንተርኔት ለማድመጥ ከፈለጉ ክፍሉ አጠገብ ያለውን ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ይንኩ። ዘፈን ለማውረድ ፕሪሚየም ያስፈልጋል፤ ፖድካስት ለማውረድ ግን አያስፈልግም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ያወረዱት እንዳይጠፋ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ አፕሊኬሽኑን ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙት።

ዝግጅቱን መከታተልና አንዱን ክፍል ማስቀመጥም የተለያዩ ናቸው። ስለ አንድ ጉዳይ የተደረገ አንድ ቃለ ምልልስ ብቻ ከወደዱ ዝግጅቱን ሙሉ መከታተል አያስፈልግዎትም፤ ክፍሉ አጠገብ ያለውን የመደመር ምልክት ነክተው Your Episodes በሚባለው ዝርዝር ያስቀምጡት። እኔ የምከታተላቸውን ዝግጅቶች ጥቂት አድርጌ፣ የቀረውን በመደመር ምልክቷ እሰበስባለሁ። አርባ ዝግጅት የሚከታተል ሰው አንዱንም አይከታተልም።

አዲስ ክፍል መውጣቱን የሚናገር መልእክት በስልክዎ ላይ እንዲመጣልዎ ከፈለጉ ደግሞ Follow ካሉ በኋላ የደወሏን ምልክት ለየብቻ መንካት አለብዎ።

## የማውቀውን የአማርኛ ፖድካስት ስፈልገው አላገኘውም። የለም ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ስሙ ሌላ ፊደል ለብሶ ነው። አዘጋጆቻችን የዝግጅታቸውን ስም አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በላቲን ፊደል፣ ሦስተኛው በሁለቱም ይጽፉታል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈውም ቢሆን «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ዐ» እና «አ» እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ። እኛ አንድ ብለን የምናነበው ቃል ለመፈለጊያው ሁለት ቃል ሊሆን ይችላል። በአንዱ ካጡት በሌላው ይሞክሩ፤ ያም ካልሆነ የአዘጋጁን ስም ይጻፉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ዝግጅቱን ከሚያውቅ ሰው አገናኙን መቀበል ነው።

## የምከታተለው ዝግጅት ከወራት በፊት ቆሟል፤ ሌሎች ግን አዲስ ክፍል እየሰሙ ነው። ለምን?

ብዙ ፖድካስት ስፖቲፋይ ቤት አይቀመጥም። አዘጋጁ ድምፁን ሌላ አስተናጋጅ ድርጅት ዘንድ ይጭናል፤ ስፖቲፋይ ደግሞ ከዚያ የሚወጣውን የክፍሎች ዝርዝር እየተመለከተ ገጹን ያድሳል። አዘጋጁ አስተናጋጅ ሲቀይር አሮጌውን ዝርዝር ወደ አዲሱ ካላዞረው ስፖቲፋይ ባዶ በር ሲጠብቅ ይከርማል። አዲሱ ዝርዝር እንደ አዲስ ከተመዘገበ ደግሞ አንድ ስምና አንድ ሥዕል ያላቸው ሁለት ገጾች ይፈጠራሉ፤ እርስዎ የሚከታተሉት የቆመውን ነው።

ለማወቅ ቀላል ነው። የዝግጅቱን ስም እንደገና ይፈልጉና የመጨረሻው ክፍል የወጣበትን ቀን በሁለቱም ገጾች ያወዳድሩ። አዲሱን Follow ይበሉ፤ አሮጌውን ይተዉት። በአሮጌው ገጽ የት ደርሰው እንደነበር ግን ወደ አዲሱ አይተላለፍም።

## የማጫወቻ ፍጥነቱን የት ነው የምቀይረው? ስንት ልበለው?

ፖድካስቱ ወይም መጽሐፉ እየተጫወተ ሳለ ሙሉውን ማጫወቻ ይክፈቱ። 1x የሚል ምልክት ታገኛላችሁ፤ እርሱን ሲነኩ ከ0.5 እስከ 3.5 ድረስ መምረጥ ይቻላል። ፍጥነቱ ሲጨምር የተናጋሪው ድምፅ እንደ ድሮው ካሴት አይቀጥንም፤ የድምፁ ቁመት እንዳለ ሆኖ ርዝመቱ ብቻ ይታጠፋል።

ስንት ልበለው ለሚለው መልሴ እንደ ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛ በ1.5 የሚያደምጡ ሰዎች አማርኛውንም እዚያው ላይ ትተውት «አንባቢው አይገባም» ሲሉ እሰማለሁ። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። በአማርኛ ፊደሉ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል። «ገና» ላልቶ ሲነገር «እስካሁን» ነው፤ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ደግሞ መኖሩን ይናገራል። በጥብቁና በላላው መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ርዝመት ነው፤ ፍጥነት ሲጨመር መጀመሪያ የሚሸራረፈውም ያው ርዝመት ነው። ጆሮ ከዐረፍተ ነገሩ አሳብ እየተነሣ ያቃናዋል፤ ግን ይደክማል። ለአማርኛ ውይይት 1.2፣ ለአማርኛ ትረካ ደግሞ 1 ይበቃል ባይ ነኝ። ትረካ ውስጥ ዝምታውም የሥራው አካል ነው።

በተቃራኒው ውጭ አገር ተወልደው አማርኛ በመማር ላይ ላሉ ልጆች 0.8 ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ቃላቱ እየተጎተቱ የሰካራም ንግግር ይመስላሉ።

## በፍጥነት ባደምጥ 15 ሰዓቴ ይበረክታል?

አይበረክትም። ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ይህ ነው። የሚቆጠረው በእጅዎ ሰዓት ያለፈው ጊዜ ሳይሆን ከመጽሐፉ ያለቀው ርዝመት ነው፤ እርሱም የሚለካው በተለመደው በ1 ፍጥነት ነው። የ10 ሰዓት መጽሐፍ በ2 ፍጥነት ካደመጡ በአምስት ሰዓት ይጨርሱታል፤ ከወርሃዊው ስፍር ግን 10 ሰዓት ይቀነሳል። ቀስ ብለው በ0.8 ቢያደምጡትም ያው 10 ነው። ፍጥነት የእርስዎን ጊዜ ያተርፋል፤ ስፍሩን ግን አይነካውም።

ወደ ኋላ ተመልሰው የደገሙት ምዕራፍም እንደገና ይቆጠራል። ያወረዱትን መጽሐፍ ያለ ኢንተርኔት ማድመጥም ከቆጠራው አያስመልጥም።

## ሰዓቱ የሚታደሰው ወር በገባ በ1 ነው?

የሚታደሰው በክፍያ ቀንዎ ነው። ገንዘቡ ከባንክዎ በየወሩ በ12 የሚቆረጥ ከሆነ አዲሱ 15 ሰዓት የሚመጣው በ12 ነው። ያልተጠቀሙበት ወደ ቀጣዩ ወር አይሻገርም። የቀረዎትን ሰዓት አፕሊኬሽኑ ውስጥ በመለያዎ ቅንብር ገብተው ማየት ይችላሉ።

ከዚህ የተነሣ ረጅም መጽሐፍ መቼ እንደሚጀመር ማሰብ ዋጋ አለው። በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት ሥራ ስትሄድና ስትመለስ በመኪና በቀን 40 ደቂቃ ታደምጣለች እንበል፤ ፍጥነቷ 1.2 ነው። በቀን ከመጽሐፉ የምትጨርሰው 48 ደቂቃ ይሆናል። መጽሐፏ 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ብቻውን ከወሩ ስፍር ይበልጣል። ነገር ግን የጀመረችው ከወርሃዊ ሰዓቷ 9 ሰዓት ቀርቷት፣ እስከ ክፍያ ቀኗም 10 የሥራ ቀናት ሲቀሩ ነው። በእነዚያ 10 ቀናት 8 ሰዓት ታደምጣለች። የቀረው 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በአዲሱ 15 ውስጥ ይገባል፤ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃም ይተርፋታል። ረጅም መጽሐፍ ከክፍያ ቀን አስቀድሞ ጀምሮ በሁለት ወር ላይ ማሳረፍ ማለት ይህ ነው።

## የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪው የት ነው ያለው?

በስልክ ላይ፣ ፖድካስት ወይም መጽሐፍ ሲጫወት ሙሉው ማጫወቻ ላይ ጨረቃ የምትመስል ምልክት አለች። ለዘፈን ግን በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ገብተው Sleep timer የሚለውን መፈለግ ይኖርብዎታል። ምርጫዎቹ 5፣ 10፣ 15፣ 30 እና 45 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት፣ እንዲሁም የሚጫወተው ክፍል ወይም ምዕራፍ ሲያልቅ የሚል ናቸው። በየምሽቱ እንደ አዲስ ይሞላል፤ የትናንቱን አያስታውስም።

ቆጣሪው የሚቆጥረው የግድግዳውን ሰዓት ነው። 30 ደቂቃ ሞልተው በ1.5 ካደመጡ መጽሐፉ 45 ደቂቃ ይሄዳል። የምዕራፉን መጨረሻ መምረጥ ደስ ይላል፤ ነገ የሚጀምሩበት ቦታ ንጹሕ ይሆናልና። ሆኖም አስቀድመው የምዕራፉን ርዝመት ይመልከቱ። ምዕራፎቹ የአንድ ሰዓት የሆኑ መጻሕፍት አሉ፤ ለእነዚያ 15 ደቂቃ ይሻላል።

## ቆጣሪውን ሳልሞላ ተኛሁ። ምን አጣሁ?

ፖድካስት ከሆነ ቦታዎን ብቻ ነው ያጡት። መጽሐፍ ከሆነ ሰዓትም አጥተዋል፤ እኔም ደርሶብኝ ያወቅሁት ነው። ከምሽቱ 4፡30 ላይ ተኝቼ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስነቃ አንባቢው አሁንም ያነባል። ስድስት ሰዓት ተኩል ለትራሱ ተነበበለት፤ ከ15ቱ ከ40 በመቶ በላይ ማለት ነው። ያውም በ1 ፍጥነት ስለነበር ነው። በ1.5 ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሄድ ነበር። ሰው ሲነቃ ጊዜ የሚያተርፍለት ፍጥነት ሲተኛ ስፍሩን የሚያራግፍበት እንዲህ ነው።

ወደ ምሳሌዋ ሴት እንመለስ። ከ10ሩ የሥራ ቀናት አምስቱን አድምጣ 4 ሰዓት ጨርሳለች፤ የቀራት 5 ሰዓት ነው። ያን ማታ አልጋ ላይ ትከፍተውና ያለ ቆጣሪ እንቅልፍ ይወስዳታል። በ1.2 ፍጥነት አምስቱ ሰዓት በአራት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያልቃል፤ መጽሐፉም እኩለ ሌሊት አልፎ በራሱ ይቆማል። ጠዋት መኪና ውስጥ ስትከፍተው አይጫወትም። እስከ ክፍያ ቀኗ ያሉትን አምስት የሥራ ቀናት በፖድካስትና በዘፈን ታሳልፋለች፤ እነርሱ አይቆሙምና። አዲሱ ሰዓት ሲመጣ ደግሞ መጽሐፉ ያለው ዘጠነኛው ሰዓት ላይ ሲሆን እርሷ የምታስታውሰው አራተኛውን ነው። ወደዚያ ተመልሳ የቀረውን 14 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ስታደምጥ ከአዲሱ 15 የሚተርፋት 20 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ስሌት 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነበር።

ቦታዎን ለማግኘት 15 ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ መቶ ጊዜ አይንኩ። የምዕራፎቹን ዝርዝር ይክፈቱና በእርግጠኝነት የሚያስታውሱት የመጨረሻው ነገር ያለበትን ምዕራፍ ይምረጡ፤ ከዚያ መስመሩን በጣት እየገፉ ቦታውን ያጥብቡት። እየዘለሉ ያለፉት አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የተጫወተው ነው።

አልጋ ላይ የሚደመጥ ፖድካስት፣ መኪና ውስጥ የሚደመጥ መጽሐፍ ቢሆን ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

## በቤተሰብ ዕቅድ ውስጥ ነን። ለምንድን ነው ልጄ መጽሐፍ ሲከፍት እኔ ላይ ግን የማይከፈተው?

ልጅዎ የዕቅዱ አስተዳዳሪ ስለሆነ ነው። በቤተሰብም ሆነ በሁለት ሰው ዕቅድ ሰዓቱ የሚሰጠው ለአስተዳዳሪው፣ ማለትም ዕቅዱን ከፍቶ ለሚከፍለው መለያ ነው። ሌሎቹ አባላት ዘፈኑና ፖድካስቱ እንደ ልብ ነው፤ የመጽሐፉ ስፍር ግን በራሱ አይደርሳቸውም፤ ለአባላትም አይከፋፈልም። በብዙ ቤት ዕቅዱን የሚከፍተው ቴክኖሎጂ የሚያውቀው ልጅ ነው፤ መጽሐፍ የሚወደው ደግሞ እናት ወይም አባት። ዕቅዱን ገና ልትከፍቱ ከሆነ ማን ያስተዳድር የሚለውን ማን መጽሐፍ ያደምጣል ብላችሁ ወስኑ።

ዕቅዱ አስቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ስፖቲፋይ በአንዳንድ አገሮች Audiobooks+ በሚል ስም ተጨማሪ ወርሃዊ ሰዓት በክፍያ ይሰጣል። እናንተ ጋ መኖሩን በመለያ ገጻችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2024 Basic የሚባል ዕቅድ መጥቷል፤ ዘፈኑ እንደ ፕሪሚየም ሆኖ የመጽሐፍ ሰዓት የሌለው ነው። ዋጋው ረከስ ሲል ወደዚያ ተሻግሮ «መጽሐፎቼ የት ሄዱ» የሚል ሰው አለ።

## ሰዓቴ አለቀ፤ መጽሐፉ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ልግዛ?

የክፍያ ቀንዎ ቅርብ ከሆነ ይታገሡ። መጽሐፉ የቆመበትን ቦታ ይዞ ይጠብቅዎታል። ተጨማሪው ሰዓት የሚሸጠው በአሥር በአሥር ነው፤ አሠራሩ አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 12.99 ዶላር ነበር። ለአንድ ሰዓት ብሎ አሥር መግዛት ሌላ ሁለተኛ መጽሐፍ ለሚጠብቀው ሰው ካልሆነ አያዋጣም።

ሌላም መንገድ አለ፤ መጽሐፉን ራሱን መግዛት። ተገዝቶ የራስዎ የሆነ መጽሐፍ ከወርሃዊው ሰዓት አይቀነስም፤ ደጋግመው ቢሰሙት፣ ያለ ቆጣሪ ቢተኙበትም አይጎድልም። ከመግዛትዎ በፊት መጽሐፉ በፕሪሚየም ውስጥ የተካተተ መሆን አለመሆኑን ገጹ ላይ ያንብቡ፤ ሁሉም አይካተቱም። በየዓመቱ እየተመለሱ የሚያደምጡት መጽሐፍ ካለ የሚገዛው እርሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ሰምተው የሚተዉትን ግን በ15ቱ ሰዓት ይጨርሱት።